ስላይዱ ይደምራል፣ ኖቱ ይቀንሳል

«ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ የሁለተኛ ዓመት መካኒካል ተማሪ ነኝ። ቴርሞዳይናሚክስ እየወሰድን ነው። የመምህራችን ስላይድ 23 ላይ ΔU = Q + W ይላል። ራሳቸው ያከፋፈሉን ኖት ገጽ 14 ላይ ደግሞ ΔU = Q − W ይላል። ስላይዱ ላይ ያለው ምሳሌ Q = 500 J፣ W = 200 J ይልና የሲሊንደር ሥዕል አስቀምጦ ያቆማል። መልሱ የለም። በአንዱ 700፣ በሌላው 300 ይመጣብኛል። ኢሜይል ልጽፍላቸው አስቤ ‹ሰላም ቲቸር፣ ስላይድዎ ከኖቱ ጋር ይጋጫል፣ የትኛው ነው ትክክል?› ብዬ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ‹ሚድ ሊደርስ ሲል መምህር አታስቀይሚ› አሉኝ። ሚዱ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ልላከው ወይስ ልተወው?»
መ. ነኝ፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ ላኪው። ግን ይሄንን አይደለም።

ጓደኞችሽ የፈሩት ቅያሜውን ነው። እኔን ያሳሰበኝ መልሱ ነው። «የትኛው ነው ትክክል?» ብለሽ ብትልኪ፣ መምህርሽ ታክሲ ውስጥ ሆነው ስልካቸው ላይ «ሁለቱም» ብለው ሊመልሱልሽ ይችላሉ። አልዋሹም። አንቺ ግን እዚያው 700 እና 300 መሀል ቆመሽ ትቀሪያለሽ።

ሁለቱም ትክክል የሚሆኑት W የሚለው ፊደል በሁለቱ ቦታ አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። ΔU የጋዙ የውስጥ ጉልበት ለውጥ ነው። Q ላይ ጠብ የለም። በሁለቱም ወደ ጋዙ የገባ ሙቀት ፖዘቲቭ ነው። W ላይ ግን ኖቱ የሚቆጥረው ጋዙ የሠራውን ሥራ ነው። ጋዙ ፒስተኑን ገፍቶ ሥራ ሲሠራ ከራሱ ጉልበት ያወጣል፣ ስለዚህ ይቀነስበታል። ስላይዱ የሚቆጥረው ደግሞ በጋዙ ላይ የተሠራውን ሥራ ነው። አንድ ሰው ፒስተኑን ሲጫነው ጋዙ ጉልበት ያገኛል፣ ስለዚህ ይደመርለታል። ያው ገንዘብ ነው። አንዱ ደብተር ወጪውን ይመዘግባል፣ ሌላው ገቢውን።

አሁን ቁጥሮችሽን እናስገባቸው። መጀመሪያ ጋዙ 500 ጁል ሙቀት ተቀብሎ፣ ተስፋፍቶ፣ ፒስተኑን እየገፋ 200 ጁል ሥራ ሠራ እንበል። በኖቱ 500 − 200፣ 300 ጁል ይመጣል። በስላይዱ ስትሠሪ ግን 200ን ዝም ብለሽ አትከቺም። የሠራው ጋዙ ነው፣ «በጋዙ ላይ የተሠራው» ስለዚህ −200 ነው። 500 + (−200)፣ አሁንም 300። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ አንቺ 700 ያገኘሽው የኖቱን W በስላይዱ ቀመር ውስጥ ስላስገባሽው ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ገባኝ» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ጋዙ እየተጨመቀ ቢሆንስ? ማለትም ከውጭ የመጣ ኃይል ፒስተኑን እየተጫነ በጋዙ ላይ 200 ጁል ቢሠራበት? ያኔ በስላይዱ 500 + 200፣ 700 ነው። በኖቱም W = −200 ይሆንና 500 − (−200)፣ ያው 700። ስለዚህ 700ም ትክክለኛ መልስ ሊሆን ይችላል። 300ም እንደዚያው። የሚለየው የቀመሩ ምልክት ሳይሆን ሥዕሉ ውስጥ ማን ማንን እንደገፋ ነው። ስላይዱ ደግሞ ይህንን አይናገርም።

እና አየሽ፣ አንቺን ያደናገረሽ መደመርና መቀነሱ ነው። የስላይዱ እውነተኛ ጉድለት ግን ያ አይደለም። ጉድለቱ «W = 200 J» ብሎ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይጽፍ ማለፉ ነው። ኢሜይልሽ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

ለምን ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ኖረ ብትዪኝ፣ ለድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ከተማሽ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚያ ሲደርስ ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር። የእንፋሎት ሞተር ላይ የቆመ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሙቀት ያስገባል፣ ሥራ ያወጣል። የሚፈልገው የወጣውን ሥራ ስለሆነ እሱን ፖዘቲቭ አድርጎ ይጽፋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውዚየስ በአውሮፓውያን 1850 ይህን የመጀመሪያውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ሲያሰፍር ያሰበው በዚህ መንገድ ነው። እናንተ መካኒካሎች የምትማሩባቸው መጻሕፍትም በብዛት ይህንኑ ይዘው ቀርተዋል። ኬሚስቶች ግን ሞተር አይነዱም። ለእነሱ ወደ ሲስተሙ የገባ ሁሉ ፖዘቲቭ፣ የወጣ ሁሉ ኔጋቲቭ ቢሆን ይቀላል። አይዩፓክ የሚባለው ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማኅበርም የሚመክረው መደመሩን ነው። የፊዚክስ መጻሕፍት ሁለቱም ዓይነት አሉ።

የመምህርሽን ኖትና ስላይድ ያጋጫቸው ይኸው ይመስለኛል። ለጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁና ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ኖት መምህሩ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ስላይድ ግን ብዙ ጊዜ ይወረሳል። ከቀድሞ መምህር፣ ከሌላ ዲፓርትመንት፣ ከመጽሐፍ ጋር ከመጣ ፋይል። ሥዕሉ ከአንድ ቦታ፣ ቀመሩ ከሌላ ቦታ ይመጣና ሰኞ ጠዋት ክላስ ይደርሳል። እኔም እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ።

ይህ ማለት ግን ስህተት ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም። ከመላክሽ በፊት ራስሽ የምትለዪበት መንገድ አለ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከስላይድ 23 ቀጥሎ ያሉትን ገልብጪና ሥራ እንዴት እንደሚሰላ የተጻፈበትን ፈልጊ። W = ∫P dV ካለ፣ ጋዙ ሲስፋፋ W ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ W ጋዙ የሠራው ነው፣ የሚሄደውም ከመቀነሱ ቀመር ጋር ነው። W = −∫P dV ካለ ደግሞ በጋዙ ላይ የተሠራው ነው፣ የሚሄደው ከመደመሩ ጋር ነው። ስላይዱ ውስጥ መደመሩ ከ−∫P dV ጋር ተጣምሮ ካገኘሽው ስላይዱ በራሱ ጤነኛ ነው፤ ከኖቱ የሚለየው በስምምነት ብቻ ነው። ΔU = Q + W ብሎ ሁለት ስላይድ አለፍ ብሎ W = ∫P dV ካለ ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ያኔ ስህተት ነው፣ ከኖቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር የተጋጨ።

ስህተት መሆኑን በቁጥር ማየት ከፈለግሽ፣ ግፊቱ 100 kPa ሆኖ ሳይለወጥ ጋዙ ከ2 ሊትር ወደ 4 ሊትር ተስፋፋ በዪ። አንድ ኪሎፓስካል በአንድ ሊትር ሲባዛ አንድ ጁል ስለሚሰጥ፣ 100 በ2 ተባዝቶ 200 ጁል ነው። ጋዙ ፒስተኑን የገፋበት ሥራ ማለት ነው። ይህንን +200 በመደመሩ ቀመር ውስጥ ስታስገቢ፣ ጋዙ ሥራ ሠርቶ ጉልበቱ ጨመረ ይልሻል። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው በሥራው ብዛት ጠገበ እንደማለት ነው።

ምልክቱ ሲጠፋብሽ ደግሞ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አስቢ። አፉን በአውራ ጣትሽ ድፈኚና እጀታውን በፍጥነት ጫኚው። በዚያች ቅጽበት ሙቀት ወደ ውስጥ ለመግባትም ለመውጣትም ጊዜ የለውም፣ Q ዜሮ ገደማ ነው። አየሩ ግን ይሞቃል፤ በእጅሽ ይታወቅሻል። (ከሙቀቱ ጥቂቱ የመንፊያው ሰበቃ ነው፤ ዋናው ግን ከመጨመቁ የመጣው ነው።) ስለዚህ ሲጨመቅ ΔU ፖዘቲቭ መሆን አለበት። የትኛውም ቀመር ከነ W ትርጉሙ እዚህ ላይ ኔጋቲቭ ከሰጠሽ አንድ ቦታ ተበላሽቷል።

ይህን ካየሽ በኋላ ወደ ኢሜይሉ እንምጣ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ርዕስ፦ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ስላይድ 23 ላይ ያለው W የማን ሥራ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛ ዓመት መካኒካል፣ ሴክሽን 2 ተማሪ ነኝ። በምዕራፍ 2 ስላይድ ቁጥር 23 ላይ ΔU = Q + W፣ በኖቱ ገጽ 14 ላይ ΔU = Q − W የሚለውን አይቻለሁ። እንደተረዳሁት በስላይዱ W በጋዙ ላይ የተሠራው፣ በኖቱ ደግሞ ጋዙ የሠራው ነው። ያልገባኝ የስላይዱ ምሳሌ ነው። Q = 500 J፣ W = 200 J ይላል። 200 ጁሉን የሠራው ጋዙ ከሆነ 300 ጁል፣ በጋዙ ላይ የተሠራ ከሆነ 700 ጁል አገኛለሁ። ሥዕሉ የሚያሳየው መስፋፋት ነው ወይስ መጨመቅ? ለሚዱስ የትኛውን አጻጻፍ ብንከተል ይሻላል? የሁለቱን ገጾች ፎቶ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ከታች ሙሉ ስምሽን ከነመታወቂያ ቁጥርሽ አስቀምጪ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ብትጽፊውም አጥንቱ ይኸው ነው።

«ስህተት» የሚል ቃል እንደሌለበት ልብ በዪ። ይህን ያልኩሽ ለማባበል አይደለም። ስህተት መሆኑን ገና ስለማታውቂ ነው። የ∫P dV ፍተሻው ስላይዱ ከራሱ ጋር መጋጨቱን ካሳየሽ ግን አትሸፋፍኚ። መሀሉን ቀይሪና «ስላይድ 23 ላይ ΔU = Q + W ነው፣ ስላይድ 25 ላይ W = ∫P dV ነው፣ ሁለቱን አብሬ ስጠቀም ጋዙ ሲስፋፋ ጉልበቱ ጨመረ ይለኛል፣ የሳትኩት ነገር አለ?» በዪ። ሒሳቡ ይናገራል፣ አንቺ ፍርድ መስጠት የለብሽም። (25 ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ ያገኘሽበትን ቁጥር አስገቢ።)

«ይቅርታ ካስቸገርኩ»ም አንዴ ይበቃል፣ ባይኖርም ነውር የለውም። ሦስት መስመር ይቅርታ አንብቦ ጥያቄውን ያላገኘ መምህር «በኋላ አየዋለሁ» ይላል፣ በኋላ ደግሞ አያየውም። በአካል ስታገኚያቸው «አንተ» የምትያቸው ወጣት መምህር ቢሆኑም በጽሑፍ «እርስዎ» ላይ ጽኚ።

የስላይድ ቁጥሩ ላይ ተጠንቀቂ። ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ላይ ስድስት ስላይድ አድርገው ነው የሚያትሙት። እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት አራተኛ ገጽ ሲሆን መምህርሽ ኮምፒውተር ላይ 23ኛው ስላይድ ነው። «ገጽ 4» ብትያቸው ሌላ ነገር ይከፍታሉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ «ገጽ 9 ላይ ያለው ቀመር አልገባኝም» ብዬ በወረቀት ጽፌ መምህሬ በር ሥር አስገብቼ ነበር። በሳምንቱ መልሱ መጣ፦ «የትኛው ገጽ 9?» ለካስ ያምናና የዘንድሮ ኖት ክላስ ውስጥ ተቀላቅሎ እየዞረ ነበር። ፎቶውን አያይዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሙሉውን ስላይድ ከነቁጥሩ አንሺው፣ ቀመሩን ብቻ ቆርጠሽ አይሁን።

ስለ ክላሱ ቴሌግራም ግሩፕ አልጠየቅሽኝም፣ ግን እጅሽን እንደሚበላሽ እገምታለሁ። መጀመሪያ እዚያ አትለጥፊው። መቶ ሰው ባለበት «ቲቸር ስላይዱ ተሳስቷል» የሚል ነገር ሲነሳ መልሱ ስለ W መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል። መልሱ ሲመጣልሽ ግን ለብቻሽ አትያዢው። «ለሴክሽኑ ላካፍለው?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ። አቦ፣ ሌላውም ልጅ እኮ እዚያው ስላይድ ላይ ተቀርቅሯል።

ዛሬ ማታ ላኪው። ሁለት የሥራ ቀን ጠብቂ። መልስ ካልመጣ ሁለተኛ ኢሜይል ከመጻፍ ክላስ ሲያልቅ ስላይድ 23ን ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ጠጋ በዪ። «ኢሜይል ልኬ ነበር፣ ይቺ ሥዕል መስፋፋት ናት መጨመቅ?» ብትዪ አንድ ቃል መልስ ነው የሚፈልገው። ከቀትር በኋላ ባይሆን ደግሞ ይመረጣል። በድሬ ሙቀት ከምሳ በኋላ ማንም ስለ ሙቀት ማውራት አይፈልግም።

ሐሙስ ሳይመለስልሽ ቢደርስስ? ሠርተሽ የምታሳዪው ጥያቄ ከሆነ፣ ከመልስሽ በላይ አንድ መስመር ጻፊ፦ «W ጋዙ የሠራው ሥራ ነው፣ ሲስፋፋ ፖዘቲቭ፣ ΔU = Q − W።» ከዚያ እስከ መጨረሻው አትለውጪ። አራሚው የትኛውን መንገድ እንደያዝሽ ካየ ምልክትሽን በዚያው ይለካዋል። ምንም ሳትጽፊ ግማሹን በኖቱ፣ ግማሹን በስላይዱ ከሠራሽ ግን ማንም ሊያድንሽ አይችልም።

ምርጫ ብቻ ከሆነ ይህ መስመር አይጠቅምሽም። ያኔ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ከሥራው አጠገብ «ባይ ዘ ጋዝ» የሚል ካለ ሠሪው ጋዙ ነው፣ «ኦን ዘ ጋዝ» ካለ ተሠርቶበታል። ሁለቱም ከሌሉ መጠኑን ፈልጊ፦ ቮልዩሙ አድጓል ወይስ አንሷል? ካደገ ጋዙ ገፍቷል፣ ካነሰ ተገፍቷል። እሱም ከሌለ፣ እንደ ስላይድ 23 ያለ ጥያቄ ነው ማለት ነው። እጅሽን አውጥተሽ ፈታኙን ጠይቂ።

መምህርሽ «ኖቱን ተከተሉ» ብለው ከመለሱልሽ፣ ስላይዶቹን ከ23 ጀምረሽ በእርሳስ እያረምሽ ሂጂ። + W ያለበትን ሁሉ − W አድርጊው፣ −∫P dV ካለም ፊቱ ያለውን ምልክት አጥፊ። አንዱን አርመሽ ሌላውን ከተውሽው እንደገና ስላይዱን ከራሱ ጋር ታጋጪዋለሽ።